የሦስተኛዋን ደቂቃ ማን በላው?

ያንን ስላይድ የሠራሁት እኔ ነኝ። ከማንም በፊት ራሴን ብከስ ይሻላል።

ከጥምቀት በኋላ ነው፣ ንፋስ መውጫ። አዲስ አበባ ኮድ እየጻፍኩ ነው የምኖረው፤ ለበዓሉ ቤተሰብ ጋ ሄጄ ገና አልተመለስኩም። አንድ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል ሴሚናሩን ግቢው ውስጥ ከማድረግ ይልቅ ጥናቱ ወደተሠራበት አገር ይዞ መጣ። ሐሳቡ ግሩም ነው፣ አሁንም ግሩም ነው እላለሁ። ሦስት ተናጋሪዎች አሉ። አንዱ ስለ ገብስ ዝርያ፣ አንዱ ስለ አሲዳማ አፈርና ስለ ኖራ፣ ሦስተኛዋ ስለ ድንች ዘር አቀማመጥ። ሰሚዎቹ ከስማዳና ከእስቴ የመጡ የግብርና ባለሙያዎች፣ የላይ ጋይንት ልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ከዙሪያው ቀበሌ የተጠሩ ገበሬዎች ናቸው። ዋዜማውን መጥተው ያደሩም ነበሩ። ንፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ በዚያ ብርድ ማደር ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ የተጠራሁት «ኮምፒውተር የሚያውቅ ልጅ» ተብዬ ነው። ፕሮጀክተሩን አገናኝ፣ የመርሃ ግብሩን ስላይድ አሳምር፣ የተናጋሪዎቹን ማስተዋወቂያ አትም። መመሪያው በቴሌግራም መጣልኝ፣ ቀድቼ ለጠፍኩት። እንዲህ ይላል፦

ምዝገባ 2:30–3:00
የመክፈቻ ንግግር 3:00–3:20
ጥናታዊ ጽሑፎችን ማቅረብ 3:20–4:50
የሻይ ዕረፍት 4:50–5:10
ውይይት 5:10–5:50
መዝጊያ 5:50–6:00

ምን ችግር አለው? እኔም ያን ቀን ምንም አልታየኝም። የፊደሉን ቀለም ነበር የማስተካክለው።

የሆነውን ልንገራችሁ። እኔ ላፕቶፑ አጠገብ ተቀምጬ ስለነበር ሰዓቱን አውቀዋለሁ። በ3:00 የሚጀመረው በ3:35 ተጀመረ። የመክፈቻው ንግግር 25 ደቂቃ ወስዶ 4:00 ላይ አለቀ። መድረክ መሪው የመጀመሪያውን ተናጋሪ ለማስተዋወቅ ወረቀት አወጣና 6 ደቂቃ አነበበ። ተናጋሪው 34 ደቂቃ ተናገሩ። ሁለተኛውን ማስተዋወቅ 5 ደቂቃ፣ ንግግራቸው 31 ደቂቃ። 5:16 ሆነ። ሻዩ ቀድሞ ተቀድቶ እየቀዘቀዘ ነውና ሰው ወጣ፣ 24 ደቂቃ ቆየ። 5:40 ላይ ተመለስን። ሦስተኛዋን መድረክ መሪው እንዲህ ሲል አስተዋወቃት፦ «ጊዜ ስለሌለን በአጭሩ፣ ተማሪያችን ናት፣ ስለ ድንች ታቀርባለች።» 9 ደቂቃ ተናገረች። በዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ገና የጥናቱን መነሻ ጨርሳ ወደ ዘዴው እየገባች ነበር፤ ወረቀት ተላከላት። 5:50 ላይ «በጊዜ እጥረት ምክንያት ውይይቱን ዘለነዋል» ተብሎ ተዘጋ።

እስኪ ይህን «የጊዜ እጥረት» የሚባለውን ነገር እንመርምረው። ውሸት ነው የምለው እሱን ነውና።

የመክፈቻው ንግግር ሲያልቅ 4:00 ነበር። እስከ 5:50 ድረስ 110 ደቂቃ አለ። 20 ደቂቃ ለሻይ ቀንሱ፣ 90 ይቀራል። ስላይዱ ለሦስቱ ጽሑፎች የመደበው ስንት ነበር? 90። ማለትም 35 ደቂቃ አርፍደን፣ የመክፈቻው ንግግር ከተመደበለት 5 ደቂቃ አልፎ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ለሦስቱ ተናጋሪዎች ቃል የተገባው ጊዜ አንዲት ደቂቃ ሳትጎድል እጃችን ላይ ነበረች። ለእያንዳንዳቸው 30 ደቂቃ። ወይም ለእያንዳንዳቸው 20 ሰጥቶ፣ 30 ደቂቃ ለውይይት ማትረፍ ይቻል ነበር። ጊዜው አልጠፋም፣ ለሁለት ሰዎች ተሰጥቶ ነው። ማስተዋወቂያቸው ተጨምሮ የመጀመሪያው 40፣ ሁለተኛው 36 ደቂቃ ወሰዱ። ሦስተኛዋ ማስተዋወቂያዋን ጨምሮ 10። ይባስ ብሎ፣ ሁለቱን ሰዎች ለማስተዋወቅ ብቻ የፈጀው 11 ደቂቃ እሷ ከተናገረችበት 9 ደቂቃ ይበልጣል።

ተናጋሪዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሁለቱም ለጥያቄ መልስ ሲሰጡ ትሕትናቸውን አይቻለሁ። ግን «3:20–4:50» የሚል አንድ ሳጥን ፊት ለፊታቸው ሲደረግ፣ የማን ድርሻ የት እንደሚያልቅ በምን ይወቁ? የመጀመሪያው ሰው 34 ደቂቃ ሲናገር ማንንም አላስቀደመም፣ ማንንም አልቀማም፤ ሳጥኑ ውስጥ ገና ቦታ ነበር። ወሰን በሌለበት እርሻ ውስጥ ቀድሞ የገባ በሬ ያርሳል፣ የመጨረሻው ገለባ ይለቅማል። ወሰኑን ያላሰመርኩት እኔ ነኝ። ሦስት ተናጋሪ ላለው መርሃ ግብር አንድ መስመር የጻፈ ሰው፣ ሦስተኛው ሰው ምን ያህል ጊዜ እንደሚያገኝ ሳያውቅ ወስኗል።

እዚህ ላይ ሌላም የሠራሁት ስህተት አለ፣ ለእኔ ሙያ የሚያሳፍር። ስላይዱ የተጻፈው በኢትዮጵያ ሰዓት ነው። ላፕቶፑ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ግን 10:16 ይላል፣ የመድረክ መሪው ስልክም እንዲሁ። መሪው ንግግር እየሰማ፣ ወረቀት እያገላበጠ፣ 6 ሰዓት እየቀነሰ፣ «ስንት ደቂቃ አለፈ?» ብሎ ማስላት አለበት። ማንም አያሰላም። ስለዚህ ሰዓት የተጻፈ ቢሆንም የሚያነጻጽረው የለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከሰዓቱ ጎን ደቂቃውን መጻፍ። «30 ደቂቃ» በኢትዮጵያም ሰዓት በፈረንጅም ሰዓት 30 ደቂቃ ነው። መሪው ስልኩ ላይ ቆጣሪውን ከ30 ወደ ታች ማስኬድ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

አሁን ወደ ማስተዋወቂያው እንምጣ። ያችን የ6 ደቂቃ ወረቀት ያተምኩት እኔ ስለሆንኩ ይዘቷን አስታውሳለሁ። የተወለዱበት ወረዳ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ዓመት፣ የሁለተኛ፣ የሦስተኛ፣ የሠሩባቸው ኃላፊነቶች በዓመት ተራ፣ የታተሙ ጽሑፎች ብዛት፣ የወሰዷቸው ሥልጠናዎች፣ የተሸለሟቸው የምስክር ወረቀቶች፣ የትዳር ሁኔታ፣ የልጆች ቁጥር። እውነቴን ነው፣ የልጆች ቁጥር አለበት። ሥራ ለመቀጠር የተጻፈ ወረቀት ነበር፤ ትምህርት ክፍሉ «ሲቪ ላኩ» ብሎ ጠየቀ፣ እነሱም ላኩ። ችግሩ የተጀመረው ጥያቄው ላይ ነው። ሲቪ ለጠየቀ ሲቪ ይመጣል።

ጮክ ብዬ ሳነብ በደቂቃ 90 ያህል የአማርኛ ቃል እንደማነብ ለክቼዋለሁ። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፣ በአንድ ግሥ ውስጥ ማን፣ ማንን፣ መቼ የሚለው ሁሉ ታጭቋል። ስለዚህ አንድ ገጽ ተኩል የታተመ ሲቪ 6 ደቂቃ መውሰዱ አይገርምም። ይህን የማያውቅ አዘጋጅ «አጭር ናት፣ አንድ ገጽ ተኩል ብቻ» ይላል። በድምፅ የሚነበብን ጽሑፍ በገጽ አትለኩት፣ በቃል ቁጠሩት። ግማሽ ደቂቃ ማለት 45 ቃል ነው።

«ታዲያ አክብሮት የት ሄደ? ባህላችን እኮ ነው» የሚለኝ ይኖራል። ለዚህ ሩቅ ሳንሄድ እዚያው ጋይንት ውስጥ መልስ አለ።

ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም አለች፣ የድጓ ማስመስከሪያዋ። ዙር አምባም እዚያው አገር ነው፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ቦታ። ድጓ የተማረ ሰው የትም ይማር የት፣ ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ከዚያ በኋላ ይህ ሰው ሌላ ደብር ሲገባ እንዴት ይተዋወቃል? የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ ከማን ተማርክ? የት አስመሰከርክ? መልሱ ሁለት ስም ነው፣ የመምህርና የቦታ። በዚያ ብቻ የሚሰማው ሊቅ ሰውየውን ይመዝነዋል፣ ምክንያቱም የመምህሩን ስም ያውቃል፣ ቤተልሔም ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። «የሁለት ልጆች አባት ሲሆን በልዩ ልዩ ሥልጠናዎች የተሳተፈ» የሚል የለም። ባህላችን ይሄ ነው። ማስተዋወቅ ማለት ሰሚው ሊመዝነው የሚችለውን ማስረጃ መስጠት ነበር፣ ሙገሳ መደርደር አልነበረም። ረጅሙን ወረቀት ያመጣው ቢሮ ነው፤ ባህል ነው ብለን ያለበስነው በኋላ ነው።

ስለ አክብሮት ካነሳን ግን እውነተኛው የአክብሮት ጉድለት የት እንደነበር ላሳያችሁ። አማርኛ ያስገድዳል። «ይህ ሰው ድንች አጥንቷል» ለማለት አጥንቷል፣ አጥንታለች፣ አጥንተዋል ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግድ ነው፣ ማምለጫ የለም። የዚያን ቀን የመጀመሪያው ተናጋሪ «አጥንተዋል» ተባሉ። ሁለተኛውም «ሠርተዋል» ተባሉ። ሦስተኛዋ ግን «ናት፣ ታቀርባለች»። ገበሬዎቹ ይህን አይሰሙትም ትላላችሁ? ከእኛ ይልቅ እነሱ ይሰሙታል። አንድ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ማን ይደመጣል፣ ማን ይታለፋል የሚለው በአንዲት የግሥ መድረሻ ተነገራቸው። ኮሪደር ላይ አንቺ በሏት፣ እኔም አንቺ ነው የምላት፣ እኩያዬ ናት። መድረክ ላይ ግን ለሦስቱም አንድ ዓይነት ግሥ ነው የሚገባው። ለሁሉም «አጥንተዋል»። ዋጋው ዜሮ ደቂቃ ነው።

እንግዲህ ስድብ ብቻ ይዤ አልመጣሁም። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስላይዱን ደግሜ ጻፍኩት። እንዲህ ነው፦

3:00 መክፈቻ — 10 ደቂቃ
3:10 የድንች ዘር ጨለማ ቤት ይቀመጥ ወይስ ብርሃን ባለበት? — 30 ደቂቃ
3:40 ኖራ የቱ መሬት ላይ ያዋጣል? — 30 ደቂቃ
4:10 ሻይ — 20 ደቂቃ
4:30 ለደጋው የትኛው ገብስ? — 30 ደቂቃ
5:00 የጋራ ውይይት — 40 ደቂቃ
5:40 መዝጊያ — 10 ደቂቃ

ሰባት መስመር ነው፣ ከኋላ ወንበር ይነበባል። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር የተናጋሪው ስም በትንሹ ይገባል። በእያንዳንዱ 30 ደቂቃ ውስጥ ማስተዋወቂያው፣ 20 ደቂቃ ንግግርና የቀረው ለጥያቄ ነው። ጥያቄው ከተናጋሪው ጋር አብሮ እንዲሄድ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። ጥያቄዎች ሁሉ ወደ መጨረሻ ከተሰበሰቡ፣ ውይይቱ ሲታጠፍ አብረው ይታጠፋሉ።

ርዕሶቹን አስተውሉ። የሦስተኛዋ ርዕስ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ «የድንች ዘር አከመቻቸት ዘዴዎች በዘር ጥራትና በምርት ላይ ያላቸው ተጽዕኖ ግምገማ፦ በላይ ጋይንት ወረዳ» ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፍ ሽፋን ትክክል ነው። ለስላይድ ግን ገበሬው የሚያውቀውን ጥያቄ አስቀምጡለት። ጥያቄውን ያየ ሰው መልሱን ይጠብቃል፤ መልሱ ሳይመጣ ሰዓቱ ካለቀ ደግሞ መቆረጡን ያውቃል። «ግምገማ» ሲቆረጥ የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛ፣ ተራውን ገልብጬዋለሁ። ተማሪዋ መጀመሪያ ናት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ቢረፍድም፣ ቢንዛዛም፣ ዕዳው የሚወርደው መጨረሻ ላይ ባለው ሰው ላይ ነው፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ማንም ደፍሮ ሊያቋርጣቸው የማይችሉትን ሰው አስቀምጡ። ዶክተሩን በዘጠነኛው ደቂቃ ወረቀት የሚልክባቸው የለም። «ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም» የሚል ካለ፣ በድሮው የንጉሥ ችሎት አስተያየት ሲሰጥ ከታናሹ ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣ እንደነበር ላስታውሰው። ታናሹ የታላቁን ቃል ሰምቶ እንዳይፈራ ነው፣ ንጉሡ በመጨረሻ ይፈርዳሉ። መጨረሻ መናገር የክብር ቦታ የነበረበት አገር ነው ያለነው።

ሦስተኛ፣ ሲረፍድ ምን እንደሚቆረጥ አስቀድሞ ይጻፋል፣ መድረክ መሪው እጅ ላይ ባለች ወረቀት። የእኔ ሕግ ይህች ናት፦ መጀመሪያ የጋራ ውይይቱ ያጥራል፣ ቀጥሎ መዝጊያው፣ የተናጋሪዎቹ 30 ደቂቃ አይነካም። በዚያ ቀን እንሞክራት። 35 ደቂቃ ዘገየን እንበል። ሁሉም ነገር በ35 ደቂቃ ይገፋል፤ የጋራ ውይይቱ በ5:00 ፈንታ 5:35 ይጀመራል። ከ40 ደቂቃ ወደ 15 ይቀነሳል፣ 5:50 ያልቃል። መዝጊያው 5 ደቂቃ። 5:55 ላይ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሦስቱም ሙሉ ንግግራቸውን አድርገዋል፣ ጥያቄም ተመልሷል። አስማት የለውም፣ መደመርና መቀነስ ነው።

ስላይዱ ተከፍቶ ከጠፋ ግን ምንም አይሠራም። በእያንዳንዱ ተናጋሪ መካከል ተመልሶ ይምጣ፣ አሁን ያለንበት መስመር ደምቆ፣ ያለፈው ደብዝዞ። እንግዳው ሁሉ ምን እንደቀረ ሲያይ መሪው ሰው ለማቋረጥ አያፍርም። «እኔ ሳልሆን ስላይዱ ነው» ማለት ይችላል። ይሉኝታ በበዛበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ማስተዋወቂያውንስ? ሲቪ አትጠይቁ። ደውሉና ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ልትመልሱት የሞከራችሁት ጥያቄ ምንድን ነው? ለማወቅ የት ሄዳችሁ፣ ምን አደረጋችሁ? ሰሚው የትኛውን ነገር ልብ ብሎ ያድምጥ? ከዚያ ስማቸውን እነሱ ሲጠሩት ስሙት፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል ወረቀታችሁ ላይ ምልክት አድርጉበት። ፊደላችን ያንን አያሳይም፣ የሰው ስም በመድረክ ላይ ተሳስቶ የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ለሦስተኛዋ ይህን ብል ኖሮ፦

«ወይዘሪት እገሊት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናቸው። ሁለት ዓመት እዚሁ ላይ ጋይንት ውስጥ ከገበሬ ቤት ገበሬ ቤት እየዞሩ የድንች ዘር የት እንደሚቀመጥና ሲተከል ምን እንደሚሆን ተከታትለዋል። ዘራችሁ አሁን እቤት ተከምሮ ነውና፣ ስለ ቡቃያው ርዝመትና ቀለም ሲናገሩ ልብ ብላችሁ አድምጡ። ወይዘሪት እገሊት፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።»

45 ቃል እንኳ አይሞላም። ስሟ ሁለት ጊዜ ተጠርቷል፣ ዘግይቶ የገባም ይሰማዋል። ያጠናችበት ቦታ አለ፣ ገበሬው «እኛ ቤትም መጥታለች» ብሎ ሊመዝናት ይችላል። ይህ የቤተልሔሙ ጥያቄ ነው፣ የት አስመሰከርሽ የሚለው። ግኝቷን ግን አልነገርኩባትም፣ እሱ የእሷ ነው።

ለመጀመሪያውም ተናጋሪ ያው ነው፦ «ዶክተር እገሌ የገብስ ዝርያዎችን በደጋ መሬት ላይ ሲያወዳድሩ ቆይተዋል። ዛሬ የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ነው፣ ውርጭ ቢመጣ የትኛው ይተርፋል? ምርቱን ብቻ ሳይሆን የሚደርስበትን ጊዜም ሲናገሩ አስተውሉ።» ስንት ጽሑፍ እንዳሳተሙ አልተነገረም። ክብራቸው ቀነሰ? ሰው በጉጉት ሲያዳምጣቸው ከመከበር በላይ ምን አለ? ሙሉው የሕይወት ታሪካቸው የግድ ካስፈለገ በሩ ላይ በሚታደለው ወረቀት ይታተም፣ የፈለገ ሻይ እየጠጣ ያንብበው። ሰው ጡረታ ሲወጣ፣ ሲሸለም፣ ያኔ የሕይወት ታሪኩ ራሱ ጉዳዩ ነውና ሃያ ደቂቃ አንብቡለት፣ እኔም ቆሜ አጨበጭባለሁ። ሴሚናር ግን ለጥያቄ ነው የተጠራው።

አሁን ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ፣ እኔን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

በዘጠኙ ደቂቃ ውስጥ ያልደረሰችበት ነገር ምን እንደሆነ ቆይቼ ነው ያወቅኩት። የድንች ዘር ጨለማ ቤት ተከምሮ ሲቆይ ረጅም፣ ነጭ፣ ሰላላ ቡቃያ ያወጣል። ሲነካ ይሰበራል፣ የዘሩንም ጉልበት ጨርሶ ነው የሚተከለው። ጣራ ባለው፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው፣ ነፋስና ብርሃን ግን በጎን በሚያስገባ መደርደሪያ ላይ በስሱ ሲደረደር ቡቃያው አጭር፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ይሆናል። በግብርና ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። የሚያስፈልገው እንጨት፣ ሣርና አንድ ሁለት ቀን ሥራ ነው። እና አንድ ማስጠንቀቂያ አለው፦ በብርሃን አረንጓዴ የሆነ ድንች ለዘር እንጂ ለመብል አይሆንም፣ ይመርዛል። ይህን ዓረፍተ ነገር አዳራሹ ውስጥ ማንም አልሰማም።

ሁሉ ሲወጣ እኔ ገመድ እየጠቀለልኩ ነበር። አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት መድረኩ ሥር ቆመው ይጠብቋት ነበር። «ልጄ» አሏት፣ «ታዲያ ዘሩን የት እናስቀምጠው?»

ነገረቻቸው። በእጇ መደርደሪያውን በአየር ላይ እየሠራች፣ የቡቃያውን ርዝመት በጣቷ እያሳየች። አራት አምስት ሰው ተሰበሰበ። አዛውንቱ «ልጆቹ እንዳይበሉትማ ለብቻ ይቀመጣላ» አሉ፣ እሷም «አዎ፣ እሱን ልነግራችሁ ነበር» አለች። ከስማዳ የመጡት ባለሙያዎች ግን መኪናቸው ውስጥ ገብተው ነበር። ከእስቴ የመጡትም እንዲሁ። እነሱ ናቸው ወደየቀበሌው ይዘውት ሊሄዱ የሚችሉት።

እኔ ገመዱን ጠቅልዬ ላፕቶፑን ዘጋሁት። ስክሪኑ ላይ ያ ስላይድ እንደተከፈተ ነበር፣ «ውይይት 5:10–5:50» ይላል።

ሴሚናር ያለባችሁ፣ ስላይድ የምትሠሩ፣ «ኮምፒውተር የምታውቁ ልጆች» ካላችሁ፣ ይህን ለእናንተ ነው የጻፍኩት። መመሪያው በቴሌግራም ሲመጣላችሁ እንደ እኔ ቀድታችሁ አትለጥፉ። ሦስት ሰው ካለ ሦስት መስመር ጻፉ፣ ደቂቃውንም ከጎኑ። ማንም ሰው «ተማሪያችን ናት» ተብላ እንዳትገባ ማስተዋወቂያውን እናንተ ጻፉት፣ 45 ቃል ነው። ካልተስማሙ ተከራከሩ። እኔ ያን ቀን አልተከራከርኩም፣ የፊደሉን ቀለም ነበር የማስተካክለው።